ዋናህ ውስጡ አለ ወይስ የለም? 2.50፣ 6/4 እና +150ን ማንበብ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ እያለሁ የማውቀው 1.85፣ 2.40 የሚለውን ኦድ ብቻ ነበር። አሁን ቨርጂኒያ ነኝ፤ እዚህ ስልኬ -150፣ +130 ይለኛል። ለንደን ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ 5/2 ብሎ ይጽፍልኛል። ሂሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱን ወደ ሌላው የምቀይረውስ እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ የጻፈልህ 5/2 አንተ በለመድከው አጻጻፍ 3.50 ነው። ቨርጂኒያ ስልክህ ላይ ቢሆን +250 ተብሎ ይወጣ ነበር። ሦስቱም ያው አንድ ዋጋ ናቸው። 10 አስይዘህ ብታሸንፍ በሦስቱም 35 ይዘህ ትመለሳለህ። 10ሩ የራስህ ነው፣ 25ቱ ትርፍ።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ማንኛውንም ኦድ ስታይ መጀመሪያ ይህን ጠይቅ፦ ዋናዬ ቁጥሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ዋና ስል ያስያዝከውን ገንዘብ ማለቴ ነው። የአዲስ አበባው ቁጥር ዋናህን ጨምሮ ይነግርሃል። የለንደኑና የአሜሪካው ግን የሚያወሩት ስለ ትርፍ ብቻ ነው። ጀማሪ ሲሳሳት የማየው ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ለንደን ውስጥ በአንድ ውርርድ ቤት መስኮት ኋላ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንድ ቅዳሜ አንድ ሐበሻ አባት ትኬታቸውን ይዘው መጡ። 30 ፓውንድ አስይዘው አሸንፈዋል። ትኬቱ ላይ ያለው ኦድ 4/6 ነበር። 50 ፓውንድ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ገንዘቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ። እሳቸው 138 ፓውንድ ነበር የጠበቁት። 4/6ን እንደ 4.6 አንብበው በ30 አባዝተውት ነበር። ቤቱ እንዳጭበረበራቸው እርግጠኛ ሆነው ነው የወጡት። ከኋላቸው ሰልፍ ስለነበር በወጉ ቁጭ አድርጌ አላስረዳኋቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል። ይህን መልስ ሳስረዝም እሳቸውን እያሰብኩ እንደሆነ ቁጠረው። ያቺን 4/6 አትርሳት፣ በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ከምታውቀው እንጀምር። 2.40 ሲልህ የሚነግርህ ይህን ነው፦ ለያንዳንዷ አንድ ብር፣ ካሸነፍክ፣ 2.40 ብር እጅህ ይገባል። 50 ብር ካስያዝክ 50 ሲባዛ በ2.40፣ 120 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 50ው ዋናህ ነው፤ ትርፍህ 70 ነው። ስለዚህ ከ2.40 ውስጥ 1 ብሩ ሁልጊዜ የራስህ ገንዘብ ነው። ትርፉ ያለው በቀረው 1.40 ላይ ነው። ይህች «አንድ መቀነስ» የምትባል ነገር ከዚህ በኋላ ላለው ሂሳብ ሁሉ ቁልፍ ናት። ይህን አጻጻፍ የአስርዮሽ ኦድ እንበለው። አብዛኛው አውሮፓ፣ አውስትራሊያና ኢትዮጵያም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ኦዱ ከ1.00 በታች ሊወርድ አይችልም፤ ከወረደ አሸንፈህም ከዋናህ ትጎድላለህ ማለት ነው። 2.00 ደግሞ መሃል ላይ ያለ ድንበር ነው። እዚያ ላይ ትርፍህ ልክ እንደ ዋናህ ነው፤ 50 አስይዘህ 50 ታተርፋለህ።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። እዚያና አየርላንድ ውስጥ የቆየው አጻጻፍ ክፍልፋይ ነው። ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ልማድ ነው። 5/2 ሲጻፍ «አምስት ለሁለት» ተብሎ ይነበባል። የታችኛው ቁጥር የምታስይዘው ነው፣ የላይኛው የምታተርፈው። 2 ብታስይዝ 5 ታተርፋለህ። ዋናህ እዚህ ውስጥ የለም። ስታሸንፍ ግን ከትርፉ ጋር ይመለስልሃል፤ ቁጥሩ ላይ አልተጻፈም እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ 3/1 እና 3.00 አንድ አይደሉም። በ3/1 10 ብታስይዝ 30 ታተርፋለህ፤ ከዋናህ ጋር 40 ይሆናል። በ3.00 ግን ሁሉ ተደምሮ 30 ነው። 3/1 በአስርዮሽ 4.00 ነው። መቀየሩም ይኸው ነው፦ የላይኛውን ለታችኛው አካፍል፣ ከዚያ ዋናህን፣ ማለትም 1፣ ጨምርበት።

የላይኛው ቁጥር ከታችኛው ሲያንስ ቡድኑ ሰፊ የማሸነፍ ዕድል ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነው ማለት ነው። የአባታችን 4/6 እንደዚያ ነበር። 6 አስይዘህ 4 ታተርፋለህ። 30 ስታስይዝ 20 ታተርፋለህ፣ ከ30 ዋናህ ጋር 50። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ ግን ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው ምንም አይናገርም።

እንግሊዞቹ ክፍልፋዩን እንደ ትምህርት ቤት አያቃልሉትም። 3/2 ማለት ሲገባ 6/4 ይላሉ። 2/3 ማለት ሲገባ 4/6 ይላሉ። 100/30 የሚባልም አለ፤ 10/3 ማለት ነው። ይህ እንዳያስደነግጥህ። አካፍለህ 1 ስትጨምር ሁሉም መልሱን ይሰጥሃል። ሌላው የሚያጠምደው አነጋገራቸው ነው። አንድ እንግሊዛዊ «ስሪ ቱ ዋን ኦን» ካለህ 3/1 ማለቱ አይደለም። «ኦን» የምትለዋ ቃል ክፍልፋዩን ትገለብጠዋለች፤ 1/3 ማለቱ ነው። በ3/1 10 አስይዘህ 30 ታተርፋለህ፣ በ1/3 ግን 3 ፓውንድ ከ33 ሳንቲም። የአጎትህ ልጅ በድምፅ መልእክት ሲነግርህ ይህን አስተውል። «ኢቨንስ» ካለህ ደግሞ 1/1 ነው፣ ያንተው 2.00።

ክፍልፋይ በጣም የሚያምርበት ጊዜ ኦዱ ትልቅ ሲሆን ነው። ሌስተር ሲቲ የ2015/16ን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ፣ ውድድሩ ሲጀመር ውርርድ ቤቶች 5000/1 ሰጥተውት ነበር። 1 ፓውንድ ያስያዘ 5,000 ፓውንድ አተረፈ። ከዋናው ጋር 5,001። በአስርዮሽ 5001.00 ይሆናል፣ በአሜሪካው +500000። እዚህ ላይ ዋናው ገባ አልገባ ማንም ግድ አይሰጠውም። ለ4/6 ግን ልዩነቱ እንደ ሰማይና ምድር ነው። ትርፉ ባነሰ ቁጥር ዋናውን መርሳት የበለጠ ያስታል።

አሁን አንተን የሚያስጨንቅህ የአሜሪካው፣ መኒላይን የሚሉት። ይህ የሚከብደው ሂሳቡ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ምልክቱ ሲለወጥ ጥያቄው ራሱ ስለሚለወጥ ነው።

ፊቱ ላይ የመደመር ምልክት ካለው ጥያቄው «100 ባስይዝ ስንት አተርፋለሁ?» ነው። +130 ማለት 100 ዶላር አስይዘህ 130 ታተርፋለህ። የመቀነስ ምልክት ካለው ግን ጥያቄው ይገለበጣል፦ «100 ለማትረፍ ስንት ማስያዝ አለብኝ?» -150 ማለት 100 ዶላር ለማትረፍ 150 ታስይዛለህ። በአንዱ 100 የምታስይዘው ነው፣ በሌላው 100 የምታተርፈው ነው። ዋናህ በሁለቱም ውስጥ የለም።

መቀነሱ ዕዳ አይደለም። -150 ስላለ 150 ዶላር ይወሰድብኛል ብሎ የፈራ ሰው አጋጥሞኛል። ብትሸነፍ የሚሄደው ያስያዝከው ብቻ ነው። 100 ወይም 150 የግድ ማስያዝ አለብህ ማለትም አይደለም፤ መለኪያ ነው። ሥጋ ቤት ዋጋው በኪሎ ተጽፎ አንተ ግማሽ ኪሎ እንደምትገዛው ነው። በ-150 30 ዶላር ብታስይዝስ? 150 ለ100 ከሆነ፣ 30 ለ20 ነው። 20 አትርፈህ 50 ይዘህ ትወጣለህ።

ይህ ቁጥር የት አየነው? የአባታችን 4/6 ነው። 30 አስይዘው 50 ነበር የደረሳቸው። አንተ ቨርጂኒያ የምታየው -150 እና እሳቸው ለንደን የያዙት 4/6 አንድ ዋጋ ናቸው። በአዲስ አበባ ቢሆን 1.67 ይባላል። ትኬታቸው ላይ 1.67 ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 138 ፓውንድ ባልጠበቁ።

በመኒላይን የትኛው እንደሚሻልህ መለየትም ያስታል። በመደመር በኩል ቁጥሩ ሲጨምር ትርፍህ ይጨምራል፤ +150 ከ+130 ይሻላል። በመቀነስ በኩል ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይከፋብሃል። -200 ከ-150 የባሰ ነው፤ ያችኑ 100 ለማትረፍ 200 ማስያዝ አለብህ። -105 ደግሞ ከ-110 ይሻላል። በ-100 እና በ+100 መካከል ምንም ኦድ የለም። ሁለቱ ጫፎች ራሳቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 2.00 ናቸው።

ለመቀየር ስድስት ቀመር አትሸምድድ። ሰዎች ከክፍልፋይ ወደ መኒላይን፣ ከመኒላይን ወደ ክፍልፋይ እያሉ የሚደክሙት በከንቱ ነው። ሁሉንም መጀመሪያ ወደምታውቀው አስርዮሽ አምጣው። ከዚያ ከፈለግክ ወደ ሌላው ውሰደው። ወደ አስርዮሽ ማምጣቱ ይህን ይመስላል፦

```
5/2   →  5 ÷ 2 + 1      =  3.50
4/6   →  4 ÷ 6 + 1      =  1.67
+130  →  130 ÷ 100 + 1  =  2.30
-150  →  100 ÷ 150 + 1  =  1.67
```

አራቱም መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው +1 ዋናህ ናት። የመቀነስ ምልክቱን ሂሳቡ ውስጥ አታስገባው። ምልክቱ የሚነግርህ የትኛውን ለየትኛው እንደምታካፍል ብቻ ነው። ለመደመር ቁጥሩ ከላይ ይሆናል፣ ለመቀነስ ታች ይወርዳል።

ከአስርዮሽ ስትመለስ መጀመሪያ 1 ትቀንሳለህ። ዋናህን ከውስጡ እያወጣህ ነው። ከዚያ 2.00 የሚባለውን ድንበር ታያለህ። ኦዱ 2.00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መደመር ነው፣ ከ2.00 በታች ከሆነ መቀነስ።

```
3.50  →  (3.50 - 1) × 100  =  250  →  +250
1.40  →  100 ÷ (1.40 - 1)  =  250  →  -250
```

ሁለቱም 250 መጡ፤ ምልክቱ ግን ሁሉንም ነገር ይለውጣል። በ+250 100 አስይዘህ 250 ታተርፋለህ። በ-250 100 ብታስይዝ የምታተርፈው 40 ነው። ምልክቷን ሳትጽፍ ለሰው ቁጥር አትላክ።

ወደ ክፍልፋይም መንገዱ ያው ነው። 2.75 ካለህ 1 ቀንስ፣ 1.75 ይቀራል። 1.75 ማለት 175 ለ100 ነው፤ ስታቃልለው 7/4 ይሆናል። 1.40ን ካየህ 0.40 ይቀራል፤ 40 ለ100፣ ማለትም 2/5። አንዳንዱ አስርዮሽ ግን በለንደን ውርርድ ቤት የተለመደ ክፍልፋይ የለውም። 2.35ን ውሰድ። 1.35 ይቀርና 27/20 ይሆናል። እንዲህ ያለ ኦድ በለንደን ሰሌዳ ላይ እምብዛም አታገኝም። በተለመደው የክፍልፋይ ቅደም ተከተል 5/4 አለ፣ እሱ 2.25 ነው። ከዚያ 11/8 ይመጣል፣ 2.375 ነው። 2.35 በመካከላቸው ይወድቃል። ያኔ የተሳሳትክ እንዳይመስልህ።

እስቲ አንድ ጨዋታ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ዛሬ ማታ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አለ በል። ሁለት ቡድን፣ አቻ የለም። ቨርጂኒያ ስልክህ አንደኛውን ቡድን -150፣ ሁለተኛውን +130 ብሎታል። አንተ ሁለተኛውን ነው የምትፈልገው። የአጎትህ ልጅ «እኛ ጋ 5/4 ነው» አለህ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛህ ደግሞ «እዚህ 2.35 ነው» አለህ። ማን ይሻላል? በአይን ብቻ 130 ትልቅ ይመስላል፣ 5/4 ትንሽ፣ 2.35 ከሁሉም ያነሰ። ወደ አስርዮሽ አምጣቸው። +130፣ 2.30 ነው። 5/4፣ 2.25 ነው። የአዲስ አበባው 2.35 ነው፤ እሱ ይሻላል። 100 ብታስይዝ ትርፍህ በቅደም ተከተል 130፣ 125 እና 135 ነው። ቁጥሩ ከሁሉም ያነሰ የሚመስለው ከሁሉም የበለጠ ከፋይ ሆነ።

አሁን አንድ እርምጃ ልጨምር። ብዙ ሰው መቀየሩ ላይ ያቆማል። እኔ ግን የመቀየር ትልቁ ጥቅም ቀጥሎ ያለው ነው ባይ ነኝ። አስርዮሹን ካገኘህ በኋላ 1ን ለእሱ አካፍል። የምታገኘው ቁጥር፣ በዚህ ዋጋ ላለመክሰር ከመቶ ስንት ጊዜ ማሸነፍ እንዳለብህ ይነግርሃል።

-150 ወደ 1.67 መጣ፣ በትክክል 1.6667። 1 ሲካፈል ለ1.6667፣ 0.60 ነው። ከመቶ 60። በዚህ ዋጋ ከመቶ ጊዜ 60ውን ካላሸነፍክ ገንዘብህ ይመናመናል። +130 ወደ 2.30 መጣ። 1 ሲካፈል ለ2.30፣ 0.4348 ነው። ከመቶ 43.48።

ሁለቱን ደምራቸው። 103.48 መጣ። ግን ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ብቻ ነው የሚያሸንፈው፤ እውነተኛው ዕድል ሲደመር ከ100 አይበልጥም። ያቺ የተረፈችው 3.48 የውርርድ ቤቱ ድርሻ ናት። ማንም ያሸንፍ ማን ከዋጋው ውስጥ አስቀድማ ገብታለች። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ጨዋታ ላይ ሁለቱም ወገን -110 ተብሎ ታያለህ። እሱ 1.91 ነው፣ በክፍልፋይ 10/11። እያንዳንዱ ከመቶ 52.38 ይሆናል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 104.76። ሳንቲም እንደመወርወር እኩል በሆነ ነገር ላይ እንኳ ከመቶ ከ52 ጊዜ በላይ ካልገመትክ ትከስራለህ ማለት ነው። -110 የሚለው አጻጻፍ ይህን አያሳይህም። ስትቀይረው ግን ፊት ለፊት ይወጣል። አንድ ቤት ላይ ድምሩ 103፣ ሌላው ላይ 108 ከመጣ፣ በሁለተኛው ቤት ያለው ዋጋ በጥቅሉ ለአንተ የከፋ ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ የለመድከውን ትኬት አስታውስ። አምስት ጨዋታ መርጠህ ኦዶቹን እርስ በርስ እያባዛህ ትሄዳለህ። ይህ የሚሠራው በአስርዮሽ ብቻ ነው። ሦስት ጨዋታ ያዝክ በል፦ 1.50፣ 2.00 እና 2.40። ሲባዙ 7.20። 10 ብታስይዝ 72 ነው። እነዚሁ በክፍልፋይ 1/2፣ 1/1 እና 7/5 ናቸው። እነሱን ብታባዛ 7/10 ይመጣል። ሦስት ጨዋታ አሸንፈህ ከአንዱ ጨዋታ ያነሰ ልታተርፍ ነው ማለት ነው፤ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ስታሸንፍ ወደ ሁለተኛው የሚተላለፈው ትርፍህ ብቻ አይደለም፣ ዋናህም አብሮ ነው። ክፍልፋዩ ዋናህን ስለማይዝ ብዜቱ ይሰበራል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ወደ አስርዮሽ ማምጣት፣ ማባዛት፣ ከዚያ መመለስ ነው። 7.20 ሲመለስ 31/5 ነው፣ በአሜሪካው +620። መኒላይንን በመኒላይን ማባዛት ደግሞ ከነጭራሹ ትርጉም የለውም።

የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። በአንድ ጨዋታ 103.48 የነበረው፣ አምስት እንደዚያ ያለ ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ሲገባ ወደ 118 ተኩል ይጠጋል። የትኬቱ ትልቅ ኦድ ዓይን ይስባል፤ ይህን ግን ማንም ትኬት ላይ አይጽፍልህም።

አሜሪካ ውስጥ ስላለህ አንድ ሌላ ነገር ታያለህ። ፈረስ ላይ መኒላይን አይጠቀሙም። እንደ እንግሊዝ በክፍልፋይ ነው፣ ግን በሰረዝ ይጽፉታል፦ 80-1። ይህ መቀነስ አይደለም፤ 80/1 ማለት ነው። በ2022 በሉዊቪል፣ ኬንታኪ፣ በቸርችል ዳውንስ በተደረገው የኬንታኪ ደርቢ ሪች ስትራይክ የተባለ ፈረስ በ80-1 አሸነፈ። በ2 ዶላር ትኬት የተከፈለው 163.60 ዶላር ነበር። እስቲ ፈትሸው። 163.60ን ለ2 ስታካፍል 81.80 ነው። ይህ አስርዮሽ ኦድ ነው፣ ዋናው ውስጡ አለ። 1 ስትቀንስ 80.80 ይቀራል። ሰሌዳው ላይ ያለው 80 ከተቆረጠ ቁጥር የመጣ ነበር። እዚያ ኦዱ የሚወሰነው ሰው ሁሉ ካስያዘው ገንዘብ ስለሆነ፣ ክፍያው የሚሰላው ከሰሌዳው ክብ ቁጥር አይደለም።

ይህ ማጠጋጋት በሌላውም ቦታ ይነካሃል። 4/6ን 1.67 ብለን ጻፍነው እንጂ በትክክል 1.6667 ነው። 30 ፓውንድ በ1.67 ቢባዛ 50.10 ነው፤ በ4/6 ግን ልክ 50። ልዩነቷ ትንሽ ናት። ኦዶችን ስታባዛ ግን እያደገች ትሄዳለች። ስለዚህ በመካከል አታጠጋጋ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ። ያንተ ሂሳብና የቤቱ ክፍያ በጥቂት ሳንቲም ቢለያዩ፣ ቤቱ መጀመሪያ በየትኛው አጻጻፍ እንዳሰላው እይ። በብዙ ዶላር ከተለያዩ ግን አንድ ቦታ ዋናህን ረስተሃል ወይም ደግመህ ቆጥረሃል።

በየቀኑ ለመቀየር መልፋት የለብህም። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ማስተካከያው ውስጥ Odds Format የሚል አላቸው። American የሚለውን ወደ Decimal ቀይረው፤ -150ው ወዲያው 1.67 ይሆንልሃል። Fractional የሚለው የአጎትህ ልጅ አጻጻፍ ነው። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት በእጅህ እንድትቀይር እመክርሃለሁ። ቴሌቪዥን ላይ የሚናገሩት በመኒላይን ነው፣ ጓደኞችህም እንደዚያው።

የመጨረሻው ነገር ቁጥሩ ሳይሆን ስሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ መኒላይን ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ እስካሁን ያወራነው አጻጻፍ ነው። ሌላው የውርርድ ዓይነት ነው፦ «ማን ያሸንፋል» የሚለው ብቻ፣ የነጥብ ልዩነት ሳይታሰብ። መተግበሪያውን ወደ አስርዮሽ ብትቀይረውም Moneyline የሚለው ርዕስ አይጠፋም፤ ምክንያቱም እሱ ዓይነቱን ነው የሚናገረው። ዓይነቱ ደግሞ ከስፖርት ስፖርት ይለያያል። በቅርጫት ኳስ ተጨማሪ ሰዓቱም ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ ያሸነፈው አሸነፈ። በእግር ኳስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው 90 ደቂቃውና ዳኛው የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አቻም ሦስተኛ ምርጫ ሆኖ ይቀመጣል። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቡድንህ በፍጹም ቅጣት ምት ቢያልፍ፣ በ90 ደቂቃው ያለቀው በአቻ ከሆነ ትኬትህ ተበልቷል። «ማን ያልፋል» የሚለው የተለየ ውርርድ ነው፣ ኦዱም የተለየ ነው። ስለዚህ የአጎትህ ልጅ ስለ አንድ ጥሎ ማለፍ ጨዋታ 5/2 ብሎ ሲጽፍልህ፣ አንተ ጋ ደግሞ ያው ቡድን +120 ሆኖ ካየኸው፣ ሂሳቡ ተሳስቶብኛል ብለህ አትድከም። 3.50 እና 2.20 ይህን ያህል ሲራራቁ ብዙ ጊዜ እሱ የሚያወራው ስለ 90 ደቂቃ ነው፣ አንተ የምታየው ስለ ማለፍ። ደውለህ ጠይቀው።